ሙት ጊዜ በቁጥጥር ዙር ውስጥ፦ ከሞላሰስ መቀየጫ እስከ ስሚዝ መተንበያ

ሙት ጊዜ የሚባለው ቫልቩ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ ውጤቱ በመለኪያው ላይ እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መለኪያው ምንም አያሳይም። ለውጡ ግን ተከስቷል፣ መንገድ ላይ ነው። በፋብሪካ የቁጥጥር ዙሮች ውስጥ ሙት ጊዜን የሚፈጥረው በአብዛኛው መጓጓዝ ነው፤ ፈሳሽ በቱቦ፣ ዱቄትና ድንጋይ በቀበቶ፣ ናሙና በቀጭን መስመር እስከ መመርመሪያው ይጓዛሉ። አንዳንዴም መመርመሪያው ራሱ ውጤት የሚያወጣው በየተወሰነ ደቂቃ ስለሆነ ተጨማሪ ሙት ጊዜ ያመጣል።

ጉዳዩን ለማየት ከሞላሰስ አልኮል የሚያመርት ፋብሪካ የተመቸ ነው። በመካኒሳ ከብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ማምረቻዎች አንዱ ይገኛል፤ የዚህ ዓይነት ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ከስኳር ፋብሪካዎች የሚመጣው ሞላሰስ ነው። ሞላሰስ ወፍራምና እጅግ ጣፋጭ በመሆኑ እንዳለ አይቦካም፤ እርሾው እንዲሠራ በውኃ መቅጠን አለበት። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ቁጥሮች የየትኛውም ማምረቻ መዝገብ አይደሉም። የመቅጠኛው ዙር እንዴት እንደሚሠራ በስሌት ለመከተል የተመረጡ፣ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ግን ተገቢ የሆኑ መጠኖች ናቸው።

ሞላሰሱ 80 ብሪክስ ነው እንበል፤ ወደ 22 ብሪክስ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ሞላሰሱና ውኃው አነስተኛ መቀየጫ ውስጥ ይገናኛሉ። ከመቀየጫው የሚወጣው ድብልቅ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ 40 ሜትር ተጉዞ ወደ ማብኪያው ክፍል ሲደርስ የጥግግት መለኪያ ያገኛል። ተቆጣጣሪው የመለኪያውን ንባብ እያየ የውኃውን ቫልቭ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሰዓት 7 ሜትር ኩብ ሲፈስ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 2 ሊትር ሲጠጋ፣ ድብልቁ በቱቦው ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሙት ጊዜው 40 ሰከንድ ይሆናል። ይኸው ቁጥር በሌላ መንገድም ይገኛል፤ ቱቦው የሚይዘው 78 ሊትር ያህል ነው፣ ይህን መጠን ለፍሰቱ ማካፈል በቂ ነው። ይህ ሁለተኛው አሠራር ኋላ ላይ ያስፈልጋል።

ከሙት ጊዜ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ዝግመት ነው። መቀየጫው 39 ሊትር ያህል ቢይዝ የውኃው መጠን በድንገት ሲቀየር ከውስጡ የሚወጣው ድብልቅ በአንድ ጊዜ አይቀየርም፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ የመንገዱን 63 በመቶ ይሄዳል፣ ቀሪውን ቀስ እያለ ይጨርሳል። ይህ 20 ሰከንድ የዙሩ የጊዜ ቋሚ ነው። ሁለቱም ያዘገያሉ፤ ነገር ግን ዝግመት ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ትንሽም ቢሆን ምልክት ይሰጣል። ፈጣን ወዝወዛንም ያለሰልሳል፤ ቫልቩ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ቢል መቀየጫው ያጠፋዋል። ሙት ጊዜ ግን ምልክት አይሰጥም፣ አያለሰልስምም። የገባበትን ወዝወዛ ቁመቱን ሳይቀንስ እንዳለ አዘግይቶ ያወጣዋል። ለተቆጣጣሪው አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ቫልቩ በየ80 ሰከንዱ አንድ ዙር እየሠራ ይከፈታል፣ ይዘጋል እንበል። የ40 ሰከንድ ሙት ጊዜ የዚህ ወዝወዛ ግማሽ ዙር ነው። ስለዚህ ቱቦው ብቻውን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ቫልቩ ውኃ ሲጨምር መለኪያው የሚያሳየው ውኃ የተቀነሰበትን ጊዜ ነው። ለማረም የታሰበው እርምጃ ስህተቱን የሚያባብስ ይሆናል። የመቀየጫው ዝግመት ሲታከልበት ይህ መገልበጥ የሚደርሰው ዘገም ባለ ወዝወዛ፣ በ110 ሰከንድ ዙር ላይ ነው። በዚያ ዙር ላይ የተቆጣጣሪውና የሂደቱ ጌይን ብዜት፣ የመቀየጫው ማለስለስ ተቀንሶለት፣ ከ1 ከበለጠ ወዝወዛው በየዙሩ እያደገ ይሄዳል። ስሌቱ ሲሠራ የሁለቱ ጌይኖች ብዜት ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛው መጠን 1.52 ነው። የውኃው ቫልቭ 1 በመቶ ሲከፈት ድብልቁ 0.3 ብሪክስ የሚወርድ ከሆነ፣ ለ1 ብሪክስ ስህተት ቫልቩን ከ5 በመቶ በላይ የሚያንቀሳቅስ ተቆጣጣሪ ዙሩን ያናጋዋል ማለት ነው። በሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ ከዚህ ወሰን በጣም ያነሰ መሆን አለበት።

መለኪያው ከመቀየጫው 5 ሜትር ላይ ቢተከል ሙት ጊዜው ወደ 5 ሰከንድ ይወርዳል። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ሆኖ ወሰኑ ከ1.52 ወደ 6.9 ያድጋል፤ ለ1 ብሪክስ ስህተት እስከ 23 በመቶ የቫልቭ እንቅስቃሴ ይፈቀዳል፣ የወዝወዛው ዙርም ከ110 ሰከንድ ወደ 18 ሰከንድ ያጥራል። አንድ መለኪያ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ከማንኛውም ብልህ ስሌት የበለጠ ይሰጣል። ስለ መተንበያ ከመወራቱ በፊት ቱቦው ለምን 40 ሜትር እንደሆነ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ መለኪያው ለኦፕሬተሩ ቅርብ እንዲሆን ወይም ለጥገና እንዲመች የሚል ነው፤ ያ ምቾት የሚከፈልበት ዋጋ በግልጽ መታወቅ አለበት። መለኪያው እንዳይጠጋ የሚያደርግ እውነተኛ ምክንያትም አለ። ከመቀየጫው አፍ ላይ ሞላሰሱና ውኃው ገና በደንብ ያልተዋሐዱ ከሆነ ንባቡ ይዘላል።

መለኪያውን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ዙሩ የሚሠራው በተለመደው ፒአይ ተቆጣጣሪ ነው። ዚግለርና ኒኮልስ በ1942 ያወጡት ዝነኛ የማስተካከያ ደንብ ሙት ጊዜው ከጊዜ ቋሚው በጣም ለሚያንስ ሂደት ይመቻል እንጂ እዚህ አይመከርም። በ2003 ስኮጌስታድ ያቀረበው ደንብ የተሻለ ነው። በእርሱ መሠረት በዚህ ዙር የጌይኖቹ ብዜት 0.25፣ የማጠራቀሚያው ጊዜ 20 ሰከንድ ይሆናል። ይህም ከወሰኑ ስድስተኛ እጅ ገደማ ነው። የሚፈለገው ብሪክስ ሲቀየር የሚሆነው እንዲህ ነው፦ እስከ 40ኛው ሰከንድ ምንም አይታይም፤ በ80ኛው ሰከንድ ድብልቁ የመንገዱን ግማሽ ይሄዳል፤ በ120ኛው 87 በመቶ ይደርሳል፤ በ160ኛው ግቡን በ2 በመቶ ያህል ያልፍና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ዙሩ የተረጋጋ ነው፣ ነገር ግን ይጎተታል። የለውጥ ፍጥነትን የሚያየው ሦስተኛው የፒአይዲ ክፍልም ብዙ አይረዳም። ንባቡ ለ40 ሰከንድ ሙሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ የሚያየው የለውጥ ፍጥነት ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ፤ የትኛውም ተቆጣጣሪ አያልፈውም። አዲስ የመጣው ሞላሰስ 84 ብሪክስ ነው እንበል። ድብልቁ ከ22 ወደ 23.1 ማምራት ይጀምራል። ለውጡ መለኪያው ጋ የሚደርሰው ከ40 ሰከንድ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም አያውቅም። በዚያችው ቅጽበት ቫልቩ ቢስተካከልም እርማቱ መለኪያው ጋ እስኪደርስ ሌላ 40 ሰከንድ ይወስዳል። በዚህ ሁለተኛ 40 ሰከንድ ውስጥ ስህተቱ የሙሉውን ለውጥ 86 በመቶ፣ ማለትም 0.95 ብሪክስ ይደርሳል። ወደ 78 ሊትር የሚጠጋ ድብልቅ ምንም እርማት ሳያገኝ ከመቀየጫው ይወጣል። መተንበያ የሚሠራው ከዚህ ወሰን በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ብቻ ነው።

የመተንበያው ሐሳብ የበርክሊው ኦቶ ስሚዝ በ1957 ያሳተመው ነው። መነሻው ቀላል ነው። የመቀየጫውና የቱቦው ሞዴል በእጅ ካለ፣ ቫልቩ አሁን ያደረገው እንቅስቃሴ ከ40 ሰከንድ በኋላ መለኪያው ላይ ምን እንደሚያሳይ አሁን ማስላት ይቻላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የዘገየውን ንባብ ሳይሆን ይህን ስሌት ያያል። ሞዴሉ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ መቀየጫውን ብቻ የሚመስል፣ ያልዘገየ ነው፤ ሌላው ያንኑ ስሌት በ40 ሰከንድ አዘግይቶ ያወጣል። ያልዘገየው ወደ ተቆጣጣሪው ይሄዳል። የዘገየው ከእውነተኛው ንባብ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነታቸው ሞዴሉ ያላወቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የሞላሰሱን መወፈር፣ የሚናገር ስለሆነ ያልዘገየው ላይ ይደመራል።

በዲጂታል ተቆጣጣሪ ላይ በየሰከንዱ የሚሠራው ይህን ያህል ነው፤ `u` የቫልቩ፣ `y` የመለኪያው ከመነሻ ነጥባቸው ያላቸው ልዩነት ነው፦

```
yf = yf + (Ts/tau)*(K*u - yf)
buf.push(yf)
yd = buf[N]
fb = yf + (y - yd)
```

`buf` ያለፉትን ስሌቶች በተራ የሚይዝ ማከማቻ ሲሆን `buf[N]` ከ`N` እርምጃ በፊት የገባውን ዋጋ ይሰጣል። እርምጃው `Ts` 1 ሰከንድ ከሆነ `N` 40 ነው። ፒአይ ተቆጣጣሪው በ`y` ፈንታ `fb`ን ያያል። ይህ ማከማቻ ሐሳቡ ለምን ዘግይቶ እንደተስፋፋ ያስረዳል። በአየር ግፊት ወይም በአናሎግ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ተቆጣጣሪ የ40 ሰከንድ ታሪክ በትክክል ለመያዝ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል፤ ለኮምፒውተር ግን አርባ ቁጥሮች ምንም አይደሉም።

ሞዴሉ ትክክል ከሆነ `y` እና `yd` እኩል ናቸው፣ ልዩነታቸው ይጠፋል፣ ተቆጣጣሪው የሚያየው ሙት ጊዜ የሌለበትን መቀየጫ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መረጋጋትን የሚወስነው እኩልታ ውስጥ ሙት ጊዜው የለም። ቱቦው ከዙሩ ውጭ የተቀመጠ ያህል ነው፤ ውጤቱን ያዘገያል እንጂ አያናጋም። የጌይኖቹን ብዜት ወደ 2 ማሳደግ ይቻላል፤ ይህ መተንበያ የሌለውን ዙር ያናጋ ከነበረው 1.52 በላይ ነው። አሁን የሚፈለገው ብሪክስ ሲቀየር ድብልቁ እስከ 40ኛው ሰከንድ እንደ ቀድሞው ዝም ይላል፤ በ50ኛው ግን 63 በመቶ፣ በ70ኛው 95 በመቶ ይደርሳል፣ ግቡንም አያልፍም። ፒአይ ብቻውን ከ120 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበትን መተንበያው በ70 ይጨርሳል።

ለሞላሰሱ መወፈር ግን ትርፉ ያንሳል። የ0.95 ብሪክስ ስህተት ከመተንበያ ጋርም ሳይቀንስ ይደርሳል፤ የሚሻሻለው ከ80ኛው ሰከንድ በኋላ ያለው መመለሻ ነው። በዚያ ላይ የመቀየጫው የ20 ሰከንድ ዝግመት መመለሻው ውስጥ ስለሚቆይ የሚፈለገው ብሪክስ ሲቀየር የታየውን ያህል ፈጣን አይሆንም። በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች የሚፈለገው መጠን የሚቀየረው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚያስቸግረው ከውጭ የሚመጣው ለውጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ዙር ላይ ከመተንበያው አስቀድሞ የሚመረጠው በሞላሰሱ መስመር ላይ፣ ከመቀየጫው በፊት፣ ፍሰትና ጥግግት ለክቶ ውኃውን በምጣኔ መምራት ነው። ለውጡ መቀየጫው ውስጥ ሳይገባ ይታወቃል፣ 40 ሰከንዱ አይጠበቅም። መተንበያው ከምጣኔው የተረፈውን ይጠርጋል። ፍሰትን ብቻ የሚያይ ምጣኔ ግን የሞላሰሱን መወፈር አያይም፤ ጥግግቱም መለካት አለበት።

የመተንበያው ትልቁ ድክመት የተሰጠውን ሞዴል ሳይጠራጠር ማመኑ ነው። በመቅጠኛው ዙር ላይ አደጋው የሚመጣው ከፍሰቱ ነው። ማብኪያው ሊሞላ ሲል ፍሰቱ በግማሽ ቢቀነስ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ቱቦው የሚይዘው ያው 78 ሊትር ስለሆነ ሙት ጊዜው 80 ሰከንድ ይሆናል። የመቀየጫው የጊዜ ቋሚ ወደ 40 ሰከንድ ይረዝማል። አንድ ዓይነት የቫልቭ እንቅስቃሴም በግማሽ ፍሰት ላይ እጥፍ ውጤት ስላለው የሂደቱ ጌይን እጥፍ ይሆናል። ሞዴሉ በአሮጌዎቹ ቁጥሮች ከቀጠለ፣ የጌይኖቹ ብዜት 2 ሆኖ በደንብ ይሠራ የነበረው ዙር ይናጋል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈትና እስኪዘጋ ድረስ ወዝወዛው ያድጋል። መተንበያውን ያስገባ መሐንዲስ በፈተናው ቀን ያየው ድንቅ ሥራ ፍሰቱ የተቀየረ ዕለት ለኦፕሬተሩ ራስ ምታት ይሆናል፤ ኦፕሬተሩም ዙሩን ወደ ማንዋል ይወስደዋል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል።

መፍትሔው ፍሰቱን ለሞዴሉ መንገር ነው። ከቱቦው ላይ የፍሰት መለኪያ ካለ ሦስቱም መጠኖች ከእርሱ ይሰላሉ፤ ሙት ጊዜው 78.5 ሊትር ለፍሰቱ ሲካፈል፣ የጊዜ ቋሚው የመቀየጫው መጠን ለፍሰቱ ሲካፈል፣ ጌይኑም ከፍሰቱ በተቃራኒ። ተቆጣጣሪው ራሱም አብሮ መለወጥ አለበት። ማከማቻውን በተመለከተ ፍሰቱ በመሐል ሲቀየር `N`ን በድንገት መለወጥ ቁጥሮችን ያዘልላል ወይም ይደግማል። ከዚያ ይልቅ ማከማቻውን በሰከንድ ሳይሆን በሊትር ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ 2 ሊትር ባለፈ ቁጥር አንድ ዋጋ ይገባል፣ አንድ ይወጣል። ቱቦው ራሱ የሚሠራው እንዲሁ ስለሆነ ማከማቻው የቱቦው ቅጂ ይሆናል። ፓምፑ ሲቆም ማከማቻውም ይቆማል።

ፍሰቱ ባይቀየርም ሞዴሉ ከእውነታው መራቁ አይቀርም። ሞላሰስ የሚያስቀምጠው ቅርፊት ቱቦውን ሲያጠብበው የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፣ በተመሳሳይ ፍሰት ሙት ጊዜው ያጥራል። ለዚህ የሚያገለግለው ጥንቃቄ ዙሩን የሚቻለውን ያህል ፈጣን አለማድረግ ነው። በምሳሌው ዙሩ የተስተካከለው በ10 ሰከንድ እንዲመለስ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የ10 ሰከንድ የሙት ጊዜ ስህተት ይቋቋማል። በጥቅሉ ሙት ጊዜው በስንት ሰከንድ ሊሳሳት እንደሚችል ከታወቀ የዙሩ የመመለሻ ጊዜ ከዚያ ባያንስ ደኅና ነው። በ`y - yd` ልዩነት ላይ ለስላሳ ማጣሪያ ማስገባትም ይረዳል፤ ለውጭ ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ ግን ያዘገየዋል።

ሞዴሉ የት እንደሳተ የሚናገረው ያው ልዩነት ነው። የሚፈለገው ብሪክስ ከተቀየረ በኋላ `y - yd` በስክሪን ላይ ቢሳል፣ ለአጭር ጊዜ ወደ አንድ ወገን ዘሎ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ የተሳሳተው በአብዛኛው ሙት ጊዜው ነው፤ መዝለል ከጀመረበት ጫፉ እስኪደርስ ያለው ጊዜ የስህተቱን ሰከንዶች ያህል ነው። ተነስቶ ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ ጌይኑ ተሳስቷል። ቫልቩና የሚፈለገው ብሪክስ ሳይንቀሳቀሱ የሚመጣ ልዩነት ግን የሞዴል ስህተት አይደለም፤ ሞላሰሱ ወይም ውኃው ተቀይሯል።

ሙት ጊዜው ከመነሻው በትክክል መለካቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዙሩ ወደ ማንዋል ይወሰዳል፣ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ቫልቩ በ3 በመቶ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ንባቡ ከተለመደው መንቀጥቀጥ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ይያዛል። ሥራው ወደ መክፈትም ወደ መዝጋትም፣ በትንሽም በትልቅም እርምጃ ይደገማል። የቱቦ ሙት ጊዜ በእርምጃው መጠን አይቀየርም። በትንሽ እርምጃ ረጅም፣ በትልቅ እርምጃ አጭር ከሆነ ችግሩ የሚጣበቅ ቫልቭ ነው፤ እርሱን መተንበያ አያድነውም፤ ቫልቩ መፈታትና መጠገን አለበት። የሚጣበቅ ቫልቭ የሚያመጣው ወዝወዛም ጌይኑ ሲቀነስ ዙሩ ይረዝማል እንጂ አይጠፋም።

ከመቅጠኛው ባሻገር በዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሙት ጊዜ ያለበት ሌላው ቦታ የማጣሪያው ማማ ነው። የአልኮሉን ጥንካሬ በናሙና መመርመሪያ ማየት ብዙ ደቂቃ ሊዘገይ ስለሚችል በማማው ውስጥ በተመረጠ ደረጃ ላይ ሙቀትን መለካት የተለመደ ነው፤ ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ይታያል። ሙቀት ጥንካሬን የሚናገረው ግን ግፊቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። ንጹሕ አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የሚፈላው በ72 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማማው ውስጥ ግፊቱ ትንሽ ሲቀያየርም ንባቡ ይንቀሳቀሳል። ሙት ጊዜውን ለመሸሽ የተመረጠ መለኪያ የግፊት እርማት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ይህ መንገድ ከመተንበያ ይቀላል።

የስሚዝ መተንበያ እንደተጻፈው የማይሠራባቸው ሂደቶችም አሉ። በ40 ሰከንድ ቀበቶ የሚሞላ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጎተራ አንዱ ነው። ደረጃው ከሚገባውና ከሚወጣው ልዩነት እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ በራሱ አይረጋም። ከጎተራው የሚወጣው ቢጨምር የመጀመሪያው መተንበያ ደረጃውን ከሚፈለገው በታች ያረጋዋል፤ በፒአይ ውስጥ ማጠራቀሚያ ቢኖርም ስህተቱ ዜሮ አይሆንም። ይህን ያስተካከለ አሠራር ዋታናቤና ኢቶ በ1981 አቅርበዋል፤ በ1994 አስትሮም፣ ሃንግና ሊም ለእንዲህ ያሉ ሂደቶች ግብን የመከተልና የውጭ ለውጥን የመመለስ ሥራዎች የተለያዩበት ሌላ ቅርጽ አወጡ። በራሱ ወደ ውጭ የሚሸሽ፣ ለምሳሌ እየሞቀ ሲሄድ ሙቀት የሚያፈልቅ ሂደት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መተንበያ ጨርሶ አይውልም፤ በሞዴሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ስህተት ራሱ እያደገ ይሄዳልና። ቱቦና መቀየጫ ብቻ ላለበት ዙር ግን ስሚዝ በ1957 ያቀረበው ይበቃል፤ ሄግሉንድ በ1992 ያቀረበው ሦስት መጠን ብቻ የሚስተካከልበት ተቆጣጣሪም ያንኑ ሐሳብ ለጥገና ሠራተኛ በሚመች መልክ ያስቀምጠዋል።